አንቀጽን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር መፍታት

ጥያቄ፦ የሰባተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ኃይለ ቃል ምንድን ነው ስላቸው ትርጉሙን በቃላቸው ይወጡታል። ሞዴል አንቀጽ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳስነብባቸውም ገብቶናል ይላሉ። ጻፉ ስላቸው ግን ወይ የእኔኑ አንቀጽ ቃላት ቀያይረው ያመጡልኛል፣ ወይ ደግሞ ገጽ ሙሉ ጽፈው አንድ አራት ነጥብ ብቻ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። ሞዴሉን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እየፈታችሁ አስተምሩ ይባላል። በተግባር ግን እንዴት ነው? ክፍሌ ውስጥ ስልሳ ያህል ተማሪ አለ።

ምላሽ፦ የጎደላቸው ትርጉም አይደለም። የጎደላቸው አንድ ዓረፍተ ነገር አንቀጽ ውስጥ ገብቶ ምን ሥራ እንደሚሠራ ማየት ነው። ስለዚህ መፍታት ስንል «ይኼ ኃይለ ቃል፣ ይኼ መዘርዝር፣ ይኼ መደምደሚያ» እያሉ ስም መለጠፍ ማለታችን አይደለም። ስም መለጠፍ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ተማሪው ይገለብጠዋል፣ ደብተሩን ይዘጋል፣ አበቃ። መፍታት ማለት እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሞ «ይኼ እዚህ ለምን መጣ? የየትኛው ጥያቄ መልስ ነው? ብናወጣው ምን ይጎድላል?» ብሎ ክፍሉን መጠየቅ ነው። ስሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ያኔ ተማሪው ስም የሚሰጠው ላየው ነገር ይሆናል።

መጀመሪያ ስለ ሞዴሉ ልናገር። ከመማሪያ መጽሐፉ ምንባብ ውስጥ አንድ አንቀጽ ቆርጦ ማምጣት ይቀላል፤ ብዙ መምህራንም ይህንን ነው የሚያደርጉት። ግን የምንባብ አንቀጽ ከበላዩና ከበታቹ ካሉት ጋር ተያይዞ የተጻፈ ነው። «ይህም» ብሎ ይጀምራል፤ «ይህ» የተባለው ነገር ያለው ያለፈው ገጽ ላይ ነው። ለዚህ ሥራ ራሱን ችሎ የሚቆም፣ ስድስት ሰባት ዓረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ ያስፈልግዎታል። ስለሚያውቁት ነገር ቢሆን፣ ግን ትንሽ የማያውቁት ነገር ቢኖርበት ጥሩ ነው። ሁሉንም የሚያውቁት ከሆነ አይጠይቁም። ሁሉም አዲስ ከሆነ ደግሞ ሐሳቡን ለመረዳት ሲታገሉ አወቃቀሩ ያመልጣቸዋል።

እኔ የምጠቀምበትን አንዱን ላስቀምጥልዎ። ቁጥሮቹን እንዲህ ሰሌዳው ላይም ይጻፏቸው፤ በኋላ ያስፈልጋሉ።

(1) አዲስ አበባ ዋና ከተማ ሆና እንድትቀጥል ከረዷት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። (2) ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የነዋሪው ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ተመናመነ። (3) በዚህ የተነሳ ማገዶ ከሩቅ መምጣት ጀመረ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። (4) ችግሩን ያቃለለው ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። (5) ይህ ዛፍ ቶሎ ያድጋል። (6) ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። (7) ስለዚህ ከተማዋ ማገዶዋን ከአጠገቧ ማግኘት ቻለች፤ ዋና ከተማነቷም እዚያው ጸና።

አሁን ዋናው ነገር፦ ሙሉውን አንቀጽ በአንዴ አያሳዩ። ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት ይክፈሉ። በግራ በኩል ዓረፍተ ነገር አንድን ብቻ ይጻፉ። ቀኙን ባዶ ይተዉት። ከዚያ «ይህን ካነበባችሁ በኋላ ጸሐፊውን ምን መጠየቅ ያምራችኋል?» ይበሉ። ትንሽ ዝም ይላሉ፤ ይታገሱ፣ እርስዎ አይመልሱላቸው። አንዱ «ዛፍ እንዴት አድርጎ ነው ከተማን የሚረዳው?» ይላል። ሌላዋ «ለመሆኑ ልትቀር ነበር እንዴ?» ትላለች። ሁለቱንም በቀኝ በኩል ይጻፏቸው። የዕለቱ ትምህርት ያረፈው በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው። ኃይለ ቃል አንባቢው ውስጥ ጥያቄ ያስነሳል፤ የቀረው አንቀጽ ያንን ጥያቄ ይመልሳል።

ይህ እንዲታያቸው ከሥሩ ሌላ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «ባሕር ዛፍ በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኝ ዛፍ ነው።» አሁንም ጥያቄ ይጠይቁ በሏቸው። ይቸገራሉ። አንዱ «የት የት?» ይላል፤ ሌላው «ለምን ይጠቅማል?» ይላል፤ ሦስተኛው ስለ ቅጠሉ ይጠይቃል። እያንዳንዱ በየአቅጣጫው ይሄዳል፤ ዓረፍተ ነገሩ ጉዳዩን ብቻ ስለያዘ ነው። ስለ ጉዳዩ ምን ሊባል እንደተፈለገ አልተናገረም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን ሁለቱንም ይዟል፦ ጉዳዩ ባሕር ዛፍ ነው፣ የሚባለው ደግሞ አዲስ አበባን ዋና ከተማ ሆና እንድትቀጥል መርዳቱ ነው። ተማሪዎችዎ የሚጽፏቸውን ኃይለ ቃሎች ከፍተው ይዩ። አብዛኞቹ እንደ ሁለተኛው ዓይነት ናቸው፤ ጉዳይ አላቸው፣ ስለ ጉዳዩ የሚሉት ግን የላቸውም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚበተነው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሲያልፉ አንድ የሚያስቸግር ነገር ይገጥምዎታል። ተማሪዎቹ «ዛፍ እንዴት ይረዳል?» ብለው ጠይቀዋል፤ ዓረፍተ ነገር ሁለት ግን ስለ ባሕር ዛፍ አንድም ቃል አይናገርም። «እንግዲህ ይኼ ከርዕሱ ወጣ ማለት ነው?» ብለው ይጠይቋቸው። ብዙዎቹ አዎ ይላሉ። ያን ጊዜ ዓረፍተ ነገር ሦስትን ጨምረው ይጻፉና ሁለቱንም በእጅዎ ይሸፍኗቸው። ከአንድ በቀጥታ ወደ አራት ያንብቡላቸው፦ «ከረዷት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። ችግሩን ያቃለለው ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።» የምን ችግር? ክፍሉ ራሱ ይጮኻል። ሁለትና ሦስት የመጡት ችግሩን ለማስቀመጥ ነው። መልሱ እንዲገባን መጀመሪያ ምን እንደጎደለ ማወቅ አለብን። በቀኝ በኩል «ከዚያ በፊት ችግሩ ምን ነበር?» ብለው ይጻፉ። ከሥሩ «ችግሩ ምን አስከተለ?» ይጨምሩ።

ዓረፍተ ነገር ሦስት ላይ «በዚህ የተነሳ» የሚለውን በጠመኔ ያክብቡ። «በዚህ ማለት በምን?» ብለው ይጠይቁና ቀስቱን ወደ ሁለት ይሳቡ። አራት ላይ «ችግሩን» ያክብቡ፤ ቀስቱ ወደ ሁለትና ሦስት ይሄዳል። አምስት ላይ «ይህ ዛፍ» አለ፤ እሱ ወደ አራት ይሄዳል። ሲጨርሱ ሰሌዳው በቀስት ይሞላል። ተማሪው አንቀጽ ተያያዥነት አለው ሲባል የሚያየው ነገር የሚኖረው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ አያያዥ ቃላትን በተመለከተ ላስጠነቅቅዎ። ብዙ ጊዜ ዝርዝር እንሰጣቸዋለን፦ በተጨማሪም፣ ስለዚህ፣ ይሁን እንጂ፣ በመሆኑም። ልጆቹም እየደጋገሙ ይበትኗቸዋል። «በተጨማሪም» ይላሉ፣ የሚጨምሩት ነገር ግን የለም። ቀላል መፈተኛ አለ። ቃሉን በእጅዎ ይሸፍኑና ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ያንብቡ። ዝምድናቸው ያለ ቃሉም የሚታይ ከሆነ ቃሉ ሥራውን እየሠራ ነው። ሁለትና ሦስትን «በዚህ የተነሳ» ሳይሉ ያንብቧቸው፦ ዛፉ ተመናመነ፣ ማገዶ ከሩቅ መምጣት ጀመረ። ምክንያትና ውጤት መሆኑ ይገባል። ዝምድና በሌለበት ግን የትኛውም «ስለዚህ» አያመጣውም።

አምስትና ስድስት ላይ ሲደርሱ ጊዜ ይውሰዱ፤ ብዙ ነገር የሚገኘው እዚህ ነው። «ቦታ ብናቀያይራቸውስ?» ይበሏቸው። እንዲህ ይሆናል፦ «ችግሩን ያቃለለው ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ይህ ዛፍ ቶሎ ያድጋል።» ጆሮ ላይ ትንሽ ይሰናከላል። የሚያሰናክለው «ከተቆረጠም» ላይ ያለችው «ም» ናት፤ ከፊቷ ሌላ ነገር እንዳለ ትናገራለች። «ም»ን አውጥተው «ይህ ዛፍ»ን ወደ ፊተኛው ዓረፍተ ነገር ካዛወሩት ግን ምንም ችግር የለውም። አሁን ሁለትና ሦስትን እንዲቀያይሩ ይጠይቋቸው። ቃሉን የፈለጉትን ያህል ቢያስተካክሉ አይሆንም። ዛፉ ሳይመናመን ማገዶ ከሩቅ የሚመጣበት ምክንያት የለም።

ልዩነቱን ራሳቸው እንዲናገሩት ያድርጉ። አምስትና ስድስት ጎን ለጎን የቆሙ ናቸው። ሁለቱም ለአራት ምክንያት ይሰጣሉ፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ሦስት ግን ሁለት ላይ የተደገፈ ነው። ይህን ሰሌዳው ላይ ለማሳየት ገባ አድርገው ይጻፉ፦ ሌላው ላይ የተደገፈውን ዓረፍተ ነገር ከተደገፈበት ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ጎን ለጎን የቆሙትን በአንድ መስመር። ሁለት ይጻፋል፣ ሦስት ከሥሩ ገባ ይላል። አራት ወደ ውጭ ይመለሳል፤ አምስትና ስድስት ከሥሩ በእኩል ገባ ይላሉ። የአንቀጹ ቅርጽ በዓይን ይታያል። ተማሪዎችዎ የሚጽፏቸውን አንቀጾች በዚህ ዓይን ሲያዩ ብዙዎቹ ሁሉም ጎን ለጎን የቆሙ ሆነው ያገኟቸዋል። ባሕር ዛፍ ለቤት ይሆናል፣ ለአጥር ይሆናል፣ ለማገዶ ይሆናል፣ ለሽያጭ ይሆናል። ምንም አልተሳሳቱም፤ ግን የትኛውም ሌላውን አያብራራም። አንቀጹ ዝርዝር ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ሰባተኛው ላይ ብዙ አይቆዩ። አንድ ነገር ብቻ ያሳዩ። ከጎኑ «ስለዚህ ባሕር ዛፍ በጣም ጠቃሚ ዛፍ ነው» የሚለውን ይጻፉና የትኛው ይሻላል ይበሉ። ሁለተኛው በማንኛውም የባሕር ዛፍ አንቀጽ መጨረሻ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ሰባት ግን የሚቀመጠው እዚህ ብቻ ነው፤ ማገዶው ከየት እንደመጣና ከተማዋ ምን እንደሆነች ተናግሮ መጀመሪያ የተነሳውን ጥያቄ ይዘጋል።

ፈታን ብለው ከማለፍዎ በፊት ሁለት ሰርጎ ገብ ዓረፍተ ነገሮች ያስገቡ። የመጀመሪያው ከስድስት ቀጥሎ ይግባ፦ «የባሕር ዛፍ ቅጠል ጉንፋን ለያዘው ሰው ይታጠናል።» ይግባ የሚል እጁን ያውጣ በሏቸው። ብዙ እጅ ይወጣል። ምክንያታቸውም ግልጽ ነው፦ ስለ ባሕር ዛፍ ነዋ! አሁን ወደ ቀኙ ዓምድ ይመልሷቸው። የየትኛው ጥያቄ መልስ ነው? የአንዱም አይደለም። እውነት ነው፣ ስለ ጉዳዩም ነው፣ ግን ሥራ የለውም። ሰርጎ ገቡ ከርዕሱ ጨርሶ የወጣ ቢሆን ኖሮ ማንም ያውቀው ነበር፤ ምንም አያስተምርም። በሰባተኛ ክፍል ልጅ አንቀጽ ውስጥ የሚገኘው ስህተት ብዙ ጊዜ እንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ጉዳዩን ያልለቀቀ፣ ሐሳቡን የለቀቀ።

ሁለተኛው ከበድ ይላል፦ «ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ ብዙ ውሃ ስለሚመጥ አጠገቡ የተዘራ እህል ይጎዳል።» ገጠር ወይም ከገጠር አጠገብ የሚያስተምሩ ከሆነ ይህን እርስዎ ሳይጽፉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ያነሱታል። እባክዎ «ከርዕስ ውጪ ነው» ብለው አይዝጉት። ልጁ የተናገረው ትልቅ ነገር ነው። ይልቅ «ይኼ የራሱ አንቀጽ ይገባዋል፤ ኃይለ ቃሉን ማን ይነግረኛል?» ይበሉ። «ባሕር ዛፍ በእርሻ አጠገብ ሲተከል ጉዳት ያመጣል» የሚል ዓይነት መልስ ያገኛሉ። ሳያስቡት ወደ መጻፍ ገቡ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ አልቋል። ሁሉንም በአርባ ደቂቃ ውስጥ ለመጨረስ አይሞክሩ። ስሞቹን፣ ማለትም ኃይለ ቃል፣ መዘርዝር ዓረፍተ ነገሮች፣ መደምደሚያ የሚሉትን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ይስጧቸው። ቀኙን ዓምድ ደብተራቸው ላይ ይገልብጡ። ግራውን አያስገልብጡ።

በዚህ የምጨክነው ስለ ኩረጃው ብዬ ነው። ልጆቹ ቃላት እየቀያየሩ ያመጡልዎ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ሞዴሉ ፊታቸው ቆሟል፣ እርስዎም «እንደዚህ ጻፉ» ብለዋል፤ እነሱ «እንደዚህ» የሚለውን በቃላቱ ተረጎሙት። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ግራው ጠፍቶ የሚቀሩት ጥያቄዎቹ ብቻ ናቸው፦ ምን እያልኩ ነው? ከዚያ በፊት ችግሩ ምን ነበር? ምን አስከተለ? ምን አቃለለው? ለምን ሊያቃልለው ቻለ? መጨረሻው ምን ሆነ? አዲሱ ርዕስም ከዛፍ የራቀ ይሁን። ስለ ዋንዛ ወይም ስለ ግራር ጻፉ ካሏቸው «ባሕር ዛፍ» የሚለውን አጥፍተው «ዋንዛ» ይጽፉልዎታል።

ለብቻቸው ከመጻፋቸው በፊት ግን አንድ አንቀጽ ከክፍሉ ጋር ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ይህንን ደረጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ ከመፍታት በቀጥታ ወደ ቤት ሥራ ይሄዳሉ። ልጁ የሌላን ሰው አንቀጽ መፍታት ቻለ ማለት የራሱን መገጣጠም ቻለ ማለት አይደለም። ባጃጅን ብንወስድስ? «ስለ ባጃጅ ምን እንበል?» ይላሉ። «ባጃጅ ጥሩ ነው» ይመጣል። «ለማን? ምን አደረገለት?» ብለው ይገፉታል። ቀስ እያለ «ባጃጅ ከከተማ ዳር ለምንመጣ ተማሪዎች ትልቅ እፎይታ ሆኖልናል» ይሆናል። አሁን ጉዳይም አለው፣ ስለ ጉዳዩ የሚባልም አለው። ቀጥሎ ችግሩን ይጠይቃሉ፤ ስለ መንገዱ ርቀት ይነግሩዎታል። አንዱ መሐል ላይ «ባጃጅ ሦስት ጎማ አለው» ይላል፤ እንደሚል አይጠራጠሩ። እሱን ሳያርሙት ጣትዎን ወደ ጥያቄዎቹ ይቀስሩ። ጓደኞቹ ናቸው የሚመልሱለት።

አሁን ወደዚያ አራት ነጥብ ወደሌለው ገጽ እንምጣ። በአማርኛ ይህ ችግር የሚብሰው ቋንቋው ስለሚፈቅድ ነው። «ሄዶ፣ ገዝቶ፣ ተመልሶ» እያሉ፣ «ሲሆን» እና «ስለሆነ» እየጨመሩ ግሱን ሳይዘጉ አንድ ገጽ መሄድ ይቻላል። የሚከተለውን ዓይነት ነገር አይተዋል፦

«ባጃጅ ከመምጣቱ በፊት ከከተማ ዳር የምንመጣ ተማሪዎች ረጅም መንገድ በእግራችን ተጉዘን ደክሞን አርፍደን ደርሰን በር ተዘግቶብን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጠን ስለነበረ ባጃጅ ሲመጣ ግን ቶሎ እየደረስን ሲሆን አራት ሆነን ሒሳቡን ስለምንካፈልም አይከብደንም።»

«አራት ነጥብ አስገቡ» ቢሏቸው የትም ይጥሉታል። ይልቅ ጥያቄዎቹን ይያዙና ከመጀመሪያው ጀምሮ ያንብቡ። «ከዚያ በፊት ችግሩ ምን ነበር?» የሚለው የት ላይ ተመለሰ? «ተጉዘን» ላይ። ያቁሙት፤ ግሱን ይዝጉት። «ምን አስከተለ?» የሚለውስ የት አለቀ? እንዲህ እያሉ ሲሄዱ ይኼ ይወጣል፦

«ባጃጅ ከመምጣቱ በፊት ከከተማ ዳር የምንመጣ ተማሪዎች ረጅም መንገድ በእግራችን እንጓዝ ነበር። ደክሞን አርፍደን ስንደርስ በር ይዘጋብንና የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጠን ነበር። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ግን በጊዜ እንደርሳለን። አራት ሆነን ሒሳቡን ስለምንካፈልም አይከብደንም።»

ልብ ይበሉ፣ «ደክሞን አርፍደን» አልተነካም። እነዚህ ሁለት ግሶች አንድ ጥያቄ ውስጥ ናቸው፤ አብረው ቢሄዱ ያምራል። ደንቡ «አጭር ጻፉ» አይደለም። አንድ ጥያቄ ተመልሶ ሲያበቃ ግሱ ይዘጋ፣ አራት ነጥብ ይግባ ነው። ሞዴሉ ውስጥ ዓረፍተ ነገር ሦስት ሁለት ነገር ይዞ በድርብ ሰረዝ የተያያዘውም ሁለቱም ለአንድ ጥያቄ፣ «ምን አስከተለ?» ለሚለው መልስ ስለሆኑ ነው። ይህንን ካልነገሯቸው በሚቀጥለው ሳምንት በሦስት በሦስት ቃል የተቆራረጠ ነገር ያመጡልዎታል።

የዚህ አሠራር ገደብ አለው። ከላይ ያለው አንቀጽ የችግርና የመፍትሔ ቅርጽ ነው። በእሱ ብቻ ካስተማሩ ልጆቹ ሁሉንም ነገር በችግር ይጀምሩታል፤ ስለ እናታቸው ጻፉ ቢሏቸውም ችግር ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላ ዓይነት ይፍቱ። በስዕላዊ አንቀጽ ጥያቄዎቹ «መጀመሪያ ዓይኔ የት አረፈ? ከዚያስ ወዴት ሄደ?» ይሆናሉ። በተራኪ አንቀጽ ደግሞ ቅደም ተከተሉን የሚይዘው ጊዜ ነው፤ ኃይለ ቃል የሚባለውም በግልጽ ላይጻፍ ይችላል። በዚያ አንቀጽ ላይ «ኃይለ ቃሉን አስምሩበት» ብሎ ፈተና መስጠት ልጁን የሌለ ነገር ማስፈለግ ነው። አንባቢው የሚይዘው አንድ ሐሳብ ምን እንደሆነ በራሱ አባባል እንዲጽፍ ይጠይቁት።

ኃይለ ቃል መጨረሻም ላይ ሊመጣ ይችላል ብለው ሲያስተምሩ አዲስ አንቀጽ አይፈልጉ። ያንኑ የባሕር ዛፍ አንቀጽ ያምጡና ዓረፍተ ነገር አንድን ወደ መጨረሻ ይውሰዱት። «ሌላ ምን መለወጥ አለበት?» ይበሉ። መጀመሪያ «ከተማዋ» የሚለው ላይ ይያዛሉ፤ የትኛዋ ከተማ እንደሆነች አልተነገረማ። «አዲስ አበባ» ብለው መተካት አለባቸው። ከዚያ ሰባትና የተዛወረው ዓረፍተ ነገር መጨረሻው ላይ ይጋጫሉ፤ ሁለቱም መደምደሚያ ናቸው። አንዱን ማሳጠር ወይም ሁለቱን ማዋሐድ ይኖርባቸዋል። ይህን ሲያደርጉ የኃይለ ቃል ቦታ መለወጥ ሌሎቹን ዓረፍተ ነገሮች እንደሚነካ በእጃቸው ሠርተው ያዩታል።

ስለ ስልሳው ተማሪ ደግሞ፦ ዓረፍተ ነገሮቹን በወረቀት ቆራርጦ ለየቡድኑ መስጠት ጥሩ ነው ይባላል። ለሃያ ዴስክ ግን ሰባት ሰባት ቁራጭ ማዘጋጀት ማታዎን ይበላዋል። ያንኑ የሚያደርግልዎ ቀላል መንገድ አለ። ዓረፍተ ነገሮቹን ቅደም ተከተላቸውን አዛብተው «ሀ፣ ለ፣ ሐ…» እያሉ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡት ሦስቱ ተመካክረው የፊደላቱን ቅደም ተከተል ብቻ ብጣሽ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ይህን የሚያደርጉት ግን ባልፈቱት አዲስ አንቀጽ ላይ ይሁን፤ በፈቱት ላይ ከሆነ ከትዝታ ነው የሚሠሩት። አምስትና ስድስትን የመሰሉ ጎን ለጎን የቆሙ ዓረፍተ ነገሮች ካሉበት ከአንድ በላይ ትክክለኛ መልስ ሊኖር እንደሚችል አስቀድመው ይወቁ። ምክንያቱን የተናገረ ዴስክ ልክ ነው።

እርማቱም እንዳይከብድዎ፣ ሲጽፉ በገጹ ግራ ጠርዝ ላይ መስመር እንዲያሰምሩ ያድርጉና ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ትይዩ የሚመልሰውን ጥያቄ ባጭሩ ይጻፉ፦ «ችግሩ?»፣ «ውጤቱ?»፣ «ለምን?»። ደብተሩን ሲቀበሉ መጀመሪያ ኃይለ ቃሉን ያንብቡ፣ ከዚያ ጠርዙን ብቻ ከላይ ወደ ታች ይውረዱ። «ለምን? ለምን? ለምን? ለምን?» የሚል ካገኙ ዝርዝር ነው። ጠርዙ ባዶ የሆነበት ቦታ ካለ ተማሪው ራሱ ሥራ ያላገኘለት ዓረፍተ ነገር አለ ማለት ነው። እዚያ ላይ ክብ ብቻ ያድርጉና ይመልሱለት፤ ወይ ጥያቄ ያግኝለት፣ ወይ ያውጣው፣ ወይ የሌላ አንቀጽ ኃይለ ቃል ያድርገው። የፊደል ግድፈቱን በዚህ ዙር አይንኩት። ቀይ ቀለም ከበዛበት ልጁ ፊደሉን ያርምና ክቡን ይዘለዋል።